ምሰሶው ሳይነቀል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍን በሲሶ ማሳጠር

አንድ እሑድ ማታ፣ ኮዬ ፈጬ ባለው ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ወለል የምትኖር ጎረቤቴ የታተመ ምዕራፍ በፌስታል ይዛ መጣች። አስተማሪ ናት፤ ከሥራዋ ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አማካሪዋ ምዕራፍ አራት ከ9,000 ቃል በላይ ሆኖ ስላገኙት «6,000 አድርሺው፤ ማስረጃው ግን እንዳይጎድል» ብለው መልሰውላታል።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስቆርጥ ሰነበትኩ። የወጣልኝ 700 ቃል ብቻ ነው» አለችኝ።

ብዙ ጽሑፍ ስላረምኩ ቁጥሩ አላስደነቀኝም። ከዐረፍተ ነገር ላይ ቃል እየለቀሙ በመጣል ከአንድ ምዕራፍ አሥር በመቶ ገደማ ሊወጣ ይችላል። ሲሶ ግን በዚያ መንገድ አይገኝም፤ ሲሶ የሚገኘው ሙሉ አንቀጽ ሲወጣ ነው። ሙሉ አንቀጽ ሲወጣ ደግሞ አብሮ ማስረጃ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የትኛው ማስረጃ ክርክሩን እንደተሸከመ፣ የትኛው ተደግፎት እንደቆመ ከመቁረጥ በፊት መለየት ነው።

የእሷ ጥናት በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ መሬታቸው ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የተወሰደባቸውን አርሶ አደሮች ይመለከታል። እኛ የምንኖርበት ሕንፃም የእርሻ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ስለቆመ ነገሩ ለሁለታችንም ሩቅ አይደለም። የሰዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን የጥናቱን ቁጥሮችና ንግግሮች ለማሳያ እንዲሆኑ አድርጌ ቀይሬያቸዋለሁ። አሠራሩ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እውነተኛ ማድረግ

ፋይሉን በሌላ ስም ቅዱና ዋናውን አትንኩት። ጎረቤቴ 700 ቃል የቆረጠችበትን ቅጂ ትተን ወደ መጀመሪያው ተመለስን፤ ምን እንዳወጣች ራሷም አታስታውስም ነበርና።

ከዚያ ቁጥሩን እዩ። በዎርድ ላይ `Review` ውስጥ `Word Count` የሚለውን ስትከፍቱ `Include textboxes, footnotes and endnotes` የምትል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለች። የግርጌ ማስታወሻ ይቆጠር አይቆጠር አማካሪያችሁን ሳትጠይቁ ሥራ አትጀምሩ። የግርጌ ማስታወሻ የሚያበዛ ሰው በዚህች ሳጥን ብቻ ብዙ ገጽ ሊያተርፍ ወይም ሊከስር ይችላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላም ጣጣ አለ። ዎርድ ቃል የሚቆጥረው ክፍት ቦታ እያየ ነው። አራት ነጥቡን ከቃሉ አርቆ «ነው ።» ብሎ የሚተይብ ሰው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ አንድ የሌለ ቃል ይቆጠርበታል። `Ctrl+H` ተጫኑና `Find what` በሚለው ላይ አንድ ክፍት ቦታና «።»፣ `Replace with` በሚለው ላይ «።» ብቻ አድርጋችሁ `Replace All` በሉ። ለ«፤» እና ለ«፣»ም እንደዚሁ። የጎረቤቴ ምዕራፍ 9,260 ይል የነበረው በዚህች ብቻ 9,000 ሆነ። ይህ ማሳጠር አይደለም፤ ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ቃላቱን ያለ ክፍት ቦታ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ የምትለያዩ ካላችሁ ደግሞ አንድ መስመር በጣት ቆጥራችሁ ከማሽኑ ጋር አመሳክሩ።

ክርክሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያም መበታተን

ምዕራፉ ምን እንደሚል ጠየቅኳት። «ስለ ካሳ ነው» አለች። ስለ ካሳ መሆኑ ርዕሱ ነው፤ ክርክሩ ምንድን ነው? ከሦስት ሙከራ በኋላ ይህችን ጻፈች፦

«በጥናቱ የተካተቱት አባወራዎች ኑሯቸው የወረደው ካሳው ስላነሰ ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ሌላ መተዳደሪያ ሳይዘጋጅ በአንድ ጊዜ ስለተከፈለ ነው።»

አሁን ዐረፍተ ነገሩን ለመቆም ምን ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት። አንድ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈሉ መታየት አለበት። ሁለት፣ በዚያን ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ አለመኖሩ። ሦስት፣ ገንዘቡ ማለቁና ኑሮ መውረዱ። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ «ስላነሰ ብቻ ሳይሆን» ብላለች። ይህን ለማለት የካሳው ስሌት አንድ ዓይነት ሆኖ አከፋፈሉ ሲለያይ ውጤቱም እንደሚለያይ ማሳየት አለባት። ይህ ከሌለ አንባቢ «በቃ፣ ካሳው ስላነሰ ነው» ቢላት መልስ የላትም።

አራቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከዚህ በኋላ ማንኛውም አንቀጽ የሚዳኘው በዚህ ወረቀት ነው።

የማስረጃ መዝገብ

አሁን ምዕራፉን አሳትሙ። በስክሪን ላይ አይሆንም፤ እጅ ስለሚያሳክክ ሳታስቡት መቁረጥ ትጀምራላችሁ። አንቀጾቹን በተራ ቁጥር ምልክት አድርጉ፤ የእሷ 61 ነበሩ። በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ መስመር ስጡ። በመስመሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፋል፦ አንቀጹ የያዘው ማስረጃ (ጥቅስ፣ ሰንጠረዥ፣ ሰነድ፣ ምልከታ ወይም «የለም»)፣ እና ከአራቱ ነጥቦች የትኛውን እንደሚደግፍ። የማይደግፍ ከሆነ ሰረዝ።

ሁለት ማታ ፈጀብን፤ አንዱን ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው የሠራነው። መዝገቡ ሲያልቅ ከ61 አንቀጾች 24ቱ ምንም ማስረጃ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ይህ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ትንተናና ማሸጋገሪያም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሲሶው ከየት ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማል።

ቀጥሎ ማስረጃ ያላቸውን አንቀጾች በሦስት ትለያላችሁ። እኔ የጭቃ ቤት ቋንቋ እጠቀማለሁ።

ምሰሶ የምለው፣ ቢነቀል ከአራቱ ነጥቦች አንዱ የሚወድቅበትን ማስረጃ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ አንቀጹን በእጃችሁ ሸፍኑና «ይህን ነጥብ ሌላ የሚሸከም አለ?» ብላችሁ መዝገቡን እዩ። ከሌለ ምሰሶ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም። ማገር የምለው ሌላው ማስረጃ ያሳየውን በሌላ ዓይነት ምንጭ የሚያጠናክረውን ነው። ለምሳሌ ሰዎቹ በቃል የተናገሩትን የክፍያ ሰነዱ ሲደግመው ማገር ነው፤ አንዱን ማገር ማውጣት ይቻላል፣ ሁሉንም ግን አይቻልም። ጭቃ ደግሞ በተመሳሳይ ዓይነት ምንጭ የተደገመ ነው፤ አምስተኛው ሰው ስለ ሠርግ ወጪ የተናገረው።

በዚህ ቦታ የሚፈጠረው ትልቁ ስህተት ማስረጃን በርዝመቱና በሞቅታው መመዘን ነው። ልብ የሚነካ ረጅም ጥቅስ ምሰሶ ይመስላል፤ ቀዝቃዛ የሰነድ መስመር ጭቃ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

«ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ላውጣው?»

ክፍል 4.4 ወደ 800 ቃል ነበር። ከ12ቱ አባወራዎች ሦስቱ መሬታቸው በሁለት ዙር ስለተወሰደ ካሳውንም በሁለት ዙር ነበር የተቀበሉት። ጎረቤቴ ሳትጠይቀኝ በፊት በቀይ እስክሪብቶ ዙሪያውን አስምራበታለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው፤ ሐሳቡንም ያደናግራሉ። ላውጣውና 800 ቃል ልገላገል?»

መዝገቡን አብረን አየን። በአራተኛው ነጥብ ፊት ለፊት የተጻፈው ማስረጃ ስንት ነው? 4.4 እና ከ4.1 አንድ መስመር፣ ሌላ የለም። ሦስቱ አባወራዎች ካሳቸው የተሰላው እንደሌሎቹ ነው፤ የተለየው ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ቤት ሠሩ፣ ደገሱ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን አንዱ የወተት ላም ገዝተዋል፣ ሁለቱ ደግሞ የሚከራይ ክፍል ሠርተዋል። አንደኛው «በመጀመሪያው ተቃጠልን፣ በሁለተኛው ነቃን» ብለዋል። የምዕራፉ ክርክር በሙሉ የቆመው በእነዚህ በ«ተለዩት» ሰዎች ላይ ነው። እነሱ ከወጡ ምዕራፉ ሰው መቸገሩን ብቻ ያሳያል፤ ለምን እንደተቸገረ ግን አይናገርም።

ይህን የማውቀው ስለተቀጣሁበት ነው። በራሴ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ከብዙኃኑ የወጣ አንድ መንደር ነበረኝ። ገጽ ለመቆጠብ አወጣሁት። በመከላከያው ቀን ከፈታኞቹ አንዱ በምዕራፍ ሦስት አራት መንደር ብዬ፣ በምዕራፍ አራት ሦስት ብቻ ማቅረቤን አይተው «አራተኛው የት ሄደ?» አሉ። ላብ አጠመቀኝ። ያወጣሁት ማስረጃ ሳይሆን ሐቀኝነቴ መስሎ ታየ፤ ጽሑፉን አስተካክዬ እስክመልስ ሳምንታት ፈጀ።

ስለዚህ ከክርክራችሁ ጋር የሚጋጭ ወይም ከብዙኃኑ የሚለይ ማስረጃ ከመጀመሪያው ከመቁረጫ ዝርዝር ውጪ ይሁን። ማሳጠር ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም።

በጀት

አሁን ብቻ ነው ቁጥር የሚከፋፈለው። ከሁሉም ክፍል እኩል ሲሶ መቁረጥ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ምሰሶውንም ጭቃውንም እኩል ይላጫል። ምሰሶ የበዛበት ክፍል ትንሽ ይቀነስበት፣ ጭቃ የበዛበት ብዙ።

| ክፍል | የነበረው | የተፈቀደው |
|---|---|---|
| መግቢያ | 900 | 250 |
| 4.1 ዳራና ሕግ | 1,500 | 600 |
| 4.2 ካሳው እንዴት ተከፈለ | 2,100 | 1,750 |
| 4.3 ገንዘቡ የት ገባ | 2,400 | 1,900 |
| 4.4 በሁለት ዙር የተከፈላቸው | 800 | 800 |
| 4.5 ማጠቃለያ | 1,300 | 700 |
| ድምር | 9,000 | 6,000 |

መቁረጥ፦ ከማስረጃ የራቀውን ቀድሞ

መግቢያው በምዕራፍ ሁለት ያለውን ንድፈ ሐሳብና በምዕራፍ ሦስት ያለውን የናሙና አመራረጥ ይደግም ነበር። «የአባወራዎቹ አመራረጥ በክፍል 3.4 ተገልጿል» የምትል አንድ መስመር ተተካችና 650 ቃል ሄደ። ማጠቃለያውም እንዲሁ፤ ጥቅሶቹን እንደገና ያነሳል፣ ከዚያም የምዕራፍ አምስት ሥራ የሆነውን ምክረ ሐሳብ ይጀምራል። ጥቅሶቹን አወጣን፣ ምክረ ሐሳቡን ወደ ቦታው አዛወርን።

4.1 ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጎረቤቴ የመሬት ሕጉን ታሪክ ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጀምራ፣ በሕገ መንግሥቱ አድርጋ፣ እስከ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ድረስ ተርካዋለች። ጥሩ ትረካ ነው፤ ደክማበታለች። ነገር ግን አባወራዎቹ የተከፈላቸው ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ነው። በእነሱ ላይ የሠራው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ አዋጅ መሬቱን በቋሚነት የለቀቀ የገጠር ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሳ የሚሰላለት፣ መሬቱ ከመወሰዱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው።

ይህች አንድ ዐረፍተ ነገር ምሰሶ ናት። በአንድ ዙር የተከፈላቸውም በሁለት ዙር የተከፈላቸውም በዚሁ በአሥር ብዜት እንደተሰላላቸው የምታሳየው እሷ ናትና፤ ከ4.4 ጋር ሆና አራተኛውን ነጥብ ትሸከማለች። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ በአንድ ረጅም አንቀጽ መሐል ተቀብራ ነበር። አንቀጹን በጅምላ ብንጥለው አብራ ትሄድ ነበር። አወጣናትና የክፍሉ መክፈቻ አደረግናት። የኋላኛውን አዋጅ በተመለከተ፣ የዛሬ አንባቢ እንዳይደናገር «ስሌቱ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተቀይሯል» የሚል ብቻ ተውን። ከ1967 ጀምሮ ያለው ታሪክ ግን ወጣ። እዚህ ላይ ጎረቤቴ ዝም አለች፤ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠችባቸው ቅዳሜዎች ናቸው። «ለሌላ ጽሑፍ» በሚል ፋይል አስቀመጥነው።

ያወጣችሁትን ሁሉ ወደ አባሪ መወርወር ግን መፍትሔ አይደለም። ወደ አባሪ የሚሄደው አንባቢ ማረጋገጥ ቢፈልግ ሄዶ የሚያየው ነገር ነው፦ የቃለ መጠይቅ መምሪያ፣ ሙሉ ሰንጠረዥ፣ የሰነድ ቅጂ። ክርክሩን የተሸከመ ማስረጃ ወደዚያ ከሄደ እንደጠፋ ቁጠሩት።

4.2 ውስጥ የየአባወራው የክፍያ ቀንና ዙር የሰፈረበት ሰንጠረዥ አለ። ከሥሩ 410 ቃል ያህል ሰንጠረዡን በቃላት እየደገመ ያነባል፦ «ከሰንጠረዡ እንደምንመለከተው አባወራ 1…»። ሰንጠረዥ ራሱን ያነባል። ከሥሩ የሚጻፈው አንባቢ የቱን ረድፍ ከየቱ ጋር እንዲያነጻጽር የሚመራ ብቻ ነው። 60 ቃል በቃው።

አንድ አንቀጽ በቅርብ

4.3 ላይ ገንዘቡ እንዴት እንዳለቀ የሚናገሩ አራት አንቀጾች ነበሩ፣ ሁሉም በአንድ ቅርጽ። የመጀመሪያው ይህ ነው፦

«ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው የካሳ ገንዘቡ አከፋፈል ሁኔታ በአርሶ አደሮቹ ሕይወት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ እንደነበረው ለመረዳት ተችሏል። ይህንንም በተመለከተ በቃለ መጠይቁ ወቅት ከመረጃ አቀባዮች አንዱ የሆኑት አባወራ 3 የሚከተለውን ሐሳብ ሰጥተዋል፤ ‹ገንዘቡ ባንክ ገባ ተባልን። ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ገንዘብ አይቼ አላውቅም። ልጆቼም ደስ አላቸው። ቤት ጀመርን፤ ሠርግ ደገስን። በሁለተኛው ክረምት የሚዘራ መሬት የለም፣ የሚወጣ ገንዘብም የለም። አሁን ዘበኛ ነኝ፤ ተመስገን።› ከዚህ የመረጃ አቀባዩ ንግግር መገንዘብ እንደሚቻለው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ወደ ባንክ የገባ መሆኑን፣ ለቤት ግንባታና ለሠርግ የዋለ መሆኑንና በሁለተኛው ክረምት ያለቀ መሆኑን ያሳያል።»

83 ቃል ነው። ከጥቅሱ በፊት ያለው 30 ቃል ጥቅስ ሊመጣ ነው ከማለት በቀር ምንም አይልም። ከጥቅሱ በኋላ ያለው ሰውዬው የተናገሩትን ይደግማል። የጎደለው ግን ትልቅ ነው፤ ስንት ሰው እንዲህ እንዳለ አይነግረንም። የቀሩት ሦስት አንቀጾች የተጻፉት ይህን ለማካካስ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ እንዳለ በቁጥር ሳይሆን በመደጋገም ለማሳየት። እነዚያ ብቻ ወደ 460 ቃል ይሆናሉ።

ከማሻሻያው በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ካሳው በአንድ ጊዜ ባንክ ከገባላቸው 9 አባወራዎች 7ቱ፣ ገንዘቡ ከሁለተኛው ክረምት እንዳላለፈ ተናግረዋል። አባወራ 3 እንዲህ ይላሉ፤ ‹…ቤት ጀመርን፤ ሠርግ ደገስን። በሁለተኛው ክረምት የሚዘራ መሬት የለም፣ የሚወጣ ገንዘብም የለም። አሁን ዘበኛ ነኝ፤ ተመስገን።› ሰባቱም ገንዘቡ ሲገባ ሌላ ሥራ አልጀመሩም ነበር።»

40 ቃል። ጥቅሱ አንድ ቢሆንም ማስረጃው ከቀድሞው ሰፍቷል፤ «ከ9 7ቱ» ሌሎቹን ስድስት ሰዎች ይዞ መጥቷልና። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ሁለተኛውን ነጥብ ትሸከማለች፤ በድሮው ውስጥ አልነበረችም። ጥቅስ በቀነሳችሁ ቁጥር ቁጥሩን አስገቡ። «አብዛኞቹ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማስረጃው ሳስቷል። የቀሩት ሁለት አባወራዎችስ? እነሱም አንድ ዐረፍተ ነገር ይገባቸዋል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ፣ ልጆቻቸው ደመወዝተኛ ስለነበሩ ገንዘቡን እንዳላወጡት ተጻፈ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ «ተመስገን»ን ቆርጣው ነበር። አንድ ቃል ናት፣ መልሽ አልኳት። ሰውዬው የተናገሩት እሮሮ ብቻ አይደለም፤ ቃሏ ስትወጣ የሚያማርሩ ሰው ይሆናሉ። ጥቅስ ሲያጥር የሚወጣው ወሬ ነው። «ይመስለኛል»፣ «አንዳንዴ»፣ «እኔስ» የሚሉ የተናጋሪውን ልክ የሚያሳዩ ቃላት አይነኩም። ከመሐል ካወጣችሁ ሦስት ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ካሳጠራችሁም በኋላ የጽሑፍ ግልባጩን ከማየት ይልቅ የድምፅ ቅጂውን መልሳችሁ ታዳምጣላችሁ።

በዚህ በከተማው ዙሪያ ደግሞ ብዙ ቃለ መጠይቅ በአፋን ኦሮሞ ተደርጎ ወደ አማርኛ የሚተረጎም ነው። ከእሷ 12ቱ ስምንቱ እንደዚያ ነበሩ። የተተረጎመን ጥቅስ በአማርኛው ላይ ብቻ ማሳጠር አደገኛ ነው፤ በትርጉሙ ውስጥ የገባ ቃል ቀርቶ የሰውዬው ቃል ሊወጣ ይችላል። ከመጀመሪያው ንግግር ላይ የሚቀረውን ምረጡ፣ ከዚያ እሱን ተርጉሙ። ይህ አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን አላገኘሁለትም።

ዐረፍተ ነገር የሚላጨው አሁን ነው

በጀቱ እንደታሰበው አልሆነም። 4.1 በ780፣ 4.5 በ900 ቆሙ፤ ከሌሎቹም ጥቂት ተርፎ ድምሩ 6,430 ሆነ። የቀረው ከዐረፍተ ነገር ሊወጣ ይችላል፣ ምክንያቱም አሁን የምንላጨው የሚቀረውን ጽሑፍ ብቻ ነው።

በአማርኛ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ትርፉ የሚከማቸው በዐረፍተ ነገሩ ጅራት ላይ ነው። «መሆኑን ለመረዳት ተችሏል»፣ «እንደሆነ መገንዘብ ይቻላል»፣ «ሆኖ እናገኘዋለን»። በ`Ctrl+F` «ተችሏል»ን ብቻ ፈልጉ፤ በእሷ ምዕራፍ 38 ጊዜ ወጣ። «ጥናት አካሂዷል» «አጥንቷል» ይሆናል። «ችግሮችና ተግዳሮቶች» ከሁለት አንዱ ይበቃዋል።

ጥንቃቄው እዚህ ነው። አንዳንዱ ጅራት ትርፍ ይመስላል እንጂ ልክ ነው። 4.4 ላይ «የአከፋፈሉ ጊዜ ለውጥ እንዳመጣ ያመለክታል» የሚለውን ጎረቤቴ «ለውጥ አምጥቷል» አድርጋ አሳጠረችው። በሦስት አባወራ «አምጥቷል» ማለት አይቻልም። «ያመለክታል» ተመለሰ። «ተብሏል» የሚለውም እንደዚያው፤ ሰው የነገራችሁን «ተብሏል» ስታወጡት እናንተ ያያችሁት ይመስላል። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ቃሉ ሲወጣ ዐረፍተ ነገሩ ያው ከሆነ ትርፍ ነበር፤ ድፍረት ከጨመረ ማስረጃ ነበር።

በዚህ ዙር 440 ቃል ወጣ። 5,990።

የተረፈው ስፌት

አንቀጽ ሲወጣ ክሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ከላይ እንደተጠቀሰው»፣ «እኚሁ አባወራ»፣ «ይህ ሁለተኛው ምክንያት» የሚሉትን ፈልጉና የሚያመለክቱት ነገር አሁንም መኖሩን እዩ። እሷ ዘንድ የመጀመሪያው ሳይኖር «ሁለተኛው ምክንያት» ተገኝቷል። የሰንጠረዥ ቁጥሮቹ በዎርድ መሣሪያ የገቡ ከሆነ `Ctrl+A` ከዚያ `F9` ያድሳቸዋል፤ በእጅ የተተየቡ ከሆነ በእጅ ነው። በዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ በጽሑፉ የማይጠቀስ መጽሐፍ እንዳይቀር። ከሁሉም በላይ አጠቃሎውንና ምዕራፍ አምስትን አንብቡ፤ ከምዕራፍ አራት የወጣ ማስረጃ እዚያ እንደ ግኝት ተጠቅሶ ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻም `Review` ውስጥ `Compare` በሚለው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አስተያዩና የወጡትን ብቻ፣ የማስረጃ መዝገቡን በእጅ ይዛችሁ ተመልከቱ። ምሰሶ ተብሎ የተጻፈ ሁሉ በአዲሱ ውስጥ ምልክት ይደረግበታል።

ከዚያ ጥናቱን ለማያውቅ ሰው ማስነበብ ነው። የጎረቤቴ የሥራ ባልደረባ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ አነበበው። ወረቀቱን ነጥቀን ሦስት ጥያቄ ጠየቅነው፦ ጸሐፊዋ ምን አለች? በምን አሳየች? የማይስማማስ ምን ሊላት ይችላል? ሁለቱን በትክክል መለሰ። በሦስተኛው ላይ «እነዚያ በሁለት ዙር የተከፈላቸው ቀድሞም ሀብታም ቢሆኑስ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ከመሬታቸው ስፋት አንጻር ከሌሎቹ እንደማይበልጡ የምትናገር ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ረቂቅ 4.1 ውስጥ ነበረች። ከዳራው ጋር ጥለናታል፤ በመዝገቡ ላይም ማስረጃ ብለን አልጻፍናትም ነበር። ፈልገን አገኘናትና በ22 ቃል ወደ 4.4 አስገባናት።

6,012 ሆነ። ጎረቤቴ ዓይኗን እንደገና «ተመስገን» ላይ ስትጥል አየኋት። «እሷን ተያት፤ ማጠቃለያው ውስጥ ‹ለመረዳት ተችሏል› የተረፈ ካለ ፈልጊ» አልኳት። ስድስት ቦታ አገኘች።